«ክፍያ የለም» ያሰኘችው ሴት

የምኖርባት ክፍል ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ናት። ብርድ ሲመጣ ለማሞቂያ አልከፍልም፤ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት ወለሌን ያሞቅልኛል። ለሰባት ዓመት ያህል «በነጻ እሞቃለሁ» እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ከጎኔ ያለው ጎረቤት የሚከፍለውን ኪራይ ሲነግረኝ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። የእኔ ክፍል ከእሱ ታንሳለች፣ ኪራይዋ ግን ይበልጣል። ሙቀቱ ድሮም ኪራዩ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት «ይህ የሙቀት ነው» ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ብቻ ነጻ መሰለኝ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ራሴ ላወራ አይደለም። ከሥሬ ስለምትሠራ አንዲት ሴት ለመጻፍ ሳስብ ሌላ በር አጥቼ ነው።

ሥራዋ መተኮስ ነው። ከሆቴሎች የሚመጣውን አንሶላ በትልቁ የሚሽከረከር ካውያ ታሳልፋለች፤ ሸሚዝ ሲመጣ ደግሞ በእጅ ካውያ ትገባበታለች። ዕድሜዋ አርባን ዘለል ያለ፣ ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ግን የሦስት ሰው ነው። በቀኝ ክንዷ ላይ ካውያው ያተማቸው ሁለት ጠባሳዎች አሉ፤ «ማዕረጌ ናቸው» ትላለች። ባልደረቦቿ «ሰባሪዋ» ነው የሚሏት። ሙሉው ቅጽል «ክፍያ ሰባሪዋ» ነው፤ ያተረፈችውም ማዕዘኑ ላይ ባለው ሱቅ ነው።

ማዕዘኑ ላይ የአገራችን ሰው ሱቅ አለ። ባለቤቱ የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ይልካል። እንግዳ ሆኖ ለመጣ ሰው ቤት ይፈልጋል፣ ሐኪም ቤት አብሮ ሄዶ ያስተረጉማል። እሷንም በመጣችበት ሳምንት ሥራ ያስገባት እሱ ነው። ታዲያ ያኔ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለአንድ መላኪያ አሥራ አምስት ያስከፍል ነበር። ሁለት መቶም ላክ ሁለት ሺህ፣ አሥራ አምስት ነው። ልብስ ንጽሕና ቤት ካሉት አሥር ሴቶች እያንዳንዷ በወር ሁለት መቶ ትልካለች፤ አሥር ጊዜ አሥራ አምስት።

ያኔ ነው እሷ «ለምን በአንድ ላይ አንልክም?» ያለችው። የአሥሩን ሁለት መቶ ሰብስበው በአንድ ስም፣ በአንድ ቀን ላኩ፤ አገር ቤት ያለች የአንዷ እህት ተቀብላ ለየቤቱ አከፋፈለች። አሥራ አምስቷ ለአሥር ተከፈለች። ባለሱቁ ሁለት ወር ቻለ። በሦስተኛው ወር እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ «ሴቶች ሆይ፣ አሸነፋችሁኝ! ከእንግዲህ ክፍያ የለም። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ኑ» አለ። መስኮቱ ላይ በቀይ ቀለም «ክፍያ የለም» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ሥር አቁሞ ፎቶ አነሳቸው፤ እሷ መሐል ላይ፣ ካውያ እንደ ጦር ሰብቃ። ፎቶው በፍሬም ተደርጎ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቀለ። እኔም ለእህቴ የምልከውን ልሰጥ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር፤ በልቤም «ተራ ሰው ተባብሮ ፍትሕ ያመጣበት ስፍራ» እያልኩ እኮራ ነበር። ምንዛሪው ስንት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ የተነሳው በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሟ ደወለ። እናታቸው ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ከአልጋ አልወረደችም። ሆስፒታሉ ሰው ሠራሽ ዳሌ ለመግጠም ተራ ሰጥቷታል፤ ዋጋው በአገር ቤት ገንዘብ ሰባ ስምንት ሺህ አምስት መቶ። እስከ ዓርብ ቀትር ሙሉው ካልገባ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቀጣዩ ከአራት ወር በኋላ ነው።

«በአሮጊት አጥንት አራት ወር ማለት እኮ፣ እቴ...» ብሎ ወንድምየው ሳይጨርሰው ቀረ።

«ዝም በል፣ ገብቶኛል» አለችው።

የነበራት በዚህ አገር ገንዘብ ስድስት መቶ ነው። አራት መቶ ከአለቃዋ በደመወዝ ብድር ወሰደች። አለቃዋ፣ እትዬ የሚሏት ሴትዮ፣ ስትሰጣት «ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም ብትይኝ በሩን አሳይሻለሁ» ብላታለች። ሺህ ሞላ። ሺዋን በፖስታ ይዛ፣ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሄደች።

ባለሱቁ ገንዘቡን ቆጠረ፣ የሒሳብ ማሽኑን ጫን ጫን አደረገ።

«ሰባ ስድስት ሺህ ይደርሳል። ክፍያ የለም!» አለ እየሳቀ። «ላንቺማ ማን ይደፍራል?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጎደለኝ፣ ጋሼ።»

ለምን እንደሆነ ስትነግረው ሳቁ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። መሳቢያውን ስቦ ሠላሳ ሦስት አወጣና ከሺው ጎን አስቀመጠላት።

«ይኸው፣ ሞላልሽ። ሲመችሽ ትመልሺያለሽ። እናት ናት እንጂ ሌላ ምንድን ነው!»

እንባዋ መጣ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«ሺህ እልካለሁ ብለሽኛል አይደል? አትጨነቂ፣ ይበቃል። ዛሬ በዜና ሰማሁ፤ የናንተ አገር አንዱ ሰማንያ ገብቷል። ሰማንያ ሺህ ነው እኮ!»

ስልኩን ዘጋችና ባለሱቁን አየችው።

«ጋሼ፣ ሰማንያ ነው አሉ።»

«እሱ ትላልቅ ባንኮች እርስ በርስ የሚሸጡበት ነው። አንቺም አታገኚው፣ እኔም አላገኘውም።»

«እሺ አላገኘውም። ግን ከሰማንያ እስከ ሰባ ስድስት ያለው አራቱ የት ሄደ?»

«ምንዛሪ ነዋ!»

«ክፍያ የለም ብለውኝ?»

«የለማ! ክፍያ ጠየቅኩሽ?»

በኋላ እንደነገረችኝ በራሷ ውስጥ እያባዛች ነበር። በአንዱ ላይ አራት፣ በሺው ላይ አራት ሺህ፤ በዚህ አገር ገንዘብ ሃምሳ ነው። የጎደላት ደግሞ ሠላሳ ሦስት። ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ ቆይ። ሃምሳዬን ወስደው ሠላሳ ሦስቱን ለእኔው ሊያበድሩኝ ነው?»

«አንቺ ሴት! ለእናትሽ ብዬ—»

«ለእናቴ ብለው በራሷ ገንዘብ ዕዳ ሊያስገቡኝ!» ሺዋን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበችና ሠላሳ ሦስቱን በአንድ ጣት ወደ እሱ ገፋች። «ያኑሩልኝ ጋሼ። የተሻለ ካጣሁ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። ካገኘሁ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምመጣው።»

ያን ምሽት ደረጃው ላይ አገኘኋት። ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። እኔም የተማረ ሰው ነኝ ብዬ፣ የገበያ ዋጋ የብዙ ኃይሎች ውጤት እንደሆነ፣ ነጋዴም መኖር እንዳለበት ልገልጽላት ሞከርኩ።

«አባባ» አለችኝ፣ «መኖሩን ማን ጠላ? ልብላ ሲል ሳህኑን ያሳየኝ ነው ያልኩት።»

ትልልቅ መጻሕፍት ላይ ስንት ዓመት ዓይኔን ያጠፋሁበት ነገር በአንድ ሳህን አለቀ። መታለል ማለት መወሰድ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደውን እንዳታይ መደረግም ነው። የተሸጠልንን ነገር ዋጋ ካላወቅን ምስጋና እንኳ የምንሰጠው በጭፍን ነው።

ማክሰኞ ሥራ ገብታ እንኳ ዝም አላለችም። ለሴቶቹ ነገረቻቸው። አንዷ «አንቺ ራስሽ የሰበርሽውን ክፍያ እንደገና ልታስጠይቂን ነው?» አለቻት፤ ሌሎቹ ሳቁ። አንዷ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ብትልኪ ይቆርጣሉ፣ ዕድላችን ነው አለች።

«ይቁረጡ። ማን ስንት እንደሚቆርጥ ግን ልወቅ» አለች ሰባሪዋ።

እንዴት እንደምታወዳድር ግን ግራ ገብቷት ነበር። አንዱ ክፍያውን ያሳያል፣ ሌላው ምንዛሪውን፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ላይ አይሄዱም። መልሱን የሰጣት የገዛ ሥራዋ ነው። ልብስ ንጽሕና ቤቱ ለሆቴሎቹ ሒሳብ ሲያቀርብ የሚቆጥረው የገባውን አንሶላ አይደለም። የገባው ውስጥ የተቀደደ አለ፣ ማሽን የበላው አለ፣ እድፉ አልለቅ ብሎ የተጣለ አለ። ሆቴሉ የሚከፍለው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በወጣው ልክ ነው። አንድ መቶ አንሶላ በእጇ እያለፈ ሳለ ነው የገባት።

«የወጣውን ነው የምንቆጥረው!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ እሳት የተነሳ መሰላቸው። «ክፍያህ ስንት ነው አልልም፤ ምንዛሪህ ስንት ነው አልልም። ሺህ ከኪሴ ሲወጣ እማዬ ዘንድ ስንት ይገባል? አለቀ!»

በምሳ ሰዓት ባንክ ሄደች። ክራባት ያሰረው ሠራተኛ በትሕትና አስተናገዳት። ክፍያው ሠላሳ ነው፣ ምንዛሪው ሰባ ሰባት ተኩል።

«ሺህ ከኪሴ ሲወጣ እዚያ ስንት ይገባል?»

ሠላሳው ተቀንሶ ዘጠኝ መቶ ሰባው ሲመነዘር ሰባ አምስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አምስት። «በመንገድ ላይ ያለ ሌላ ባንክም ትንሽ ሊቀንስ ይችላል» አላት።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አስቀድመን ማወቅ አንችልም፣ እመቤት።»

«ካላወቃችሁት እኔም አልሰጣችሁም» ብላ ወጣች። ከማዕዘኑ ሱቅ እንኳ የሚብስ ቤት መኖሩ ግን አስደንግጧታል። ክራባት ካሰረ ይሻላል ብላ ነበር።

አጠገቧ የምትሠራው አንሶላ አጣፊዋ፣ ሦስት ልጆች በስልክ ያሳደገች ሴት፣ በስልኳ ላይ ሁለት የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎች ነበሯት። ለሻይ ዕረፍት ወጥተው አንሶላ የተከመረበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሲከፈት በትልቁ «ሰማንያ ከሃምሳ! ክፍያ የለም!» ይላል። ከዜናው ዋጋ እንኳ ይበልጣል። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሰባሪዋ አልተነሳችም። «ክፍያ የለም የሚል ነገር በልቼ አልጠገብኩም ወይ? ሺውን ጻፊበት።»

አጣፊዋ ሺህ ብላ ጻፈች። የወጣው ሰባ ስምንት ሺህ ሃምሳ ነበር። ትንንሹን ጽሑፍ አጉልተው ሲያነቡት፣ ያ ዋጋ ለአዲስ ደንበኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰባት መቶ በሰባ ሰባት ይመነዘራል።

«በሩ ላይ ሥጋ፣ ጓዳው አጥንት» አለች አጣፊዋ።

«አራት መቶ ሃምሳ ይጎድለኛል። ሁለተኛውን ክፈቺ።»

ሁለተኛው ድምቀት የለውም። ምንዛሪው ሰባ ዘጠኝ ከስልሳ፣ ክፍያው ከባንክ ሒሳብ ሲላክ ዘጠኝ። የዜናው ዋጋ ስንት እንደሆነም ከጎኑ ጽፎታል፤ ሰማንያ። ዘጠኙ ተቀንሶ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንዱ ሲመነዘር ሰባ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት ከስልሳ። ማንም አልጮኸም። እሷ ብቻ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ደጋግማ አነበበችው።

«ይቺ ክፍያ አላት» አለች አንዷ ሴት እንደማማት።

«አላት። በአደባባይ ዘጠኝ ብላ ጠየቀችኝ። እሰጣታለሁ።»

ሊያጣድፋት የሞከረ አንድ ነገር ነበር። «በክሬዲት ካርድ ከከፈሉ በደቂቃ ይደርሳል» ይላል። አጣፊዋ ካርዷን ልታውሳት አወጣች። ሰባሪዋ ግን ጥያቄዋን አልረሳችም፤ በካርድ ቢሆን ስንት ይገባል? ክፍያው ሃያ አምስት ሆነ፤ የሚደርሰው ሰባ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ አሥር። ለሁለት ቀን ፍጥነት ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ሊያስከፍሏት ነው፣ ደግሞም ስለማይሞላ ተራው ይቃጠላል። ከባንክ ሒሳብ ቢላክ እስከ ሐሙስ ማታ ይደርሳል፤ ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው።

«ልቤ እስከ ሐሙስ ይቻል» አለች።

በራሷ ስልክ ስሟን አስመዘገበች፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ፎቶ አንስታ ላከች። ፈቃዱ እስኪጣራ ማደር ነበረበት። ረቡዕ ጠዋት «ተረጋግጧል» የሚል መልእክት መጣ፤ ምንዛሪውም ባለበት ነው። አሁን የቀረው በፖስታ ያለውን ሺህ መልሶ ባንክ ማስገባት ነው። ማዕዘኑ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ስለሚቀበል አውጥታው ነበርና። ማስገቢያው ማሽን ሁሉንም ዋጠ፣ አንዷን ሃምሳ ግን መልሶ ተፋት። ተጨማድዳለች። ደግማ አስገባች፤ ተፋት። ሦስተኛ ጊዜ፤ ተፋት።

የሆነችውን ከመስኮቴ አይቻለሁ። ሃምሳዋን ጨብጣ መንገዱን አቋርጣ ሮጠች፤ ልብስ ንጽሕና ቤቱ ገባች። ወሬውን በኋላ ሰማሁት። ገንዘቧን በሁለት የትራስ ልብስ መሐል አድርጋ፣ ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጋ ተኮሰቻት።

እትዬ ከኋላዋ ቆማ፣ «አሁን ደግሞ ገንዘብ ማተም ጀመርሽ?» አለቻት።

«ማተምስ እነሱ ያትሙ፤ እኔ አቃናለሁ» ብላ ተመልሳ ሮጠች። ማሽኑ ዋጣት።

ላከች።

ሐሙስ ረጅም ቀን ነበር። መተግበሪያው ጠዋት «በመንገድ ላይ» ይላል፤ ቀትር ላይ «በመንገድ ላይ» ይላል። ሴቶቹ ቀልድ ጀመሩ። «በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?» «ሰው ለሌለበት ሱቅ ገንዘብሽን ሰጥተሽ! ቢጠፋ ማን ላይ ትጮሂያለሽ?» ይህ የመጨረሻው ግን ቀልድ አልነበረም፤ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ማዕዘኑ ሱቅ ውስጥ የሚጮሁበት ፊት አለ። ለብዙዎቻችን እዚያ የምንገዛው ይህንን ፊት ነው፤ ዋጋ የለውም አልልም። በሥራ መሐል ባለሱቁ ራሱ ብቅ ብሎ፣ «ሠላሳ ሦስቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ናት፣ እልኸኛዋ» አላት። እሱም አዝኖላት ነው።

«ይሙቃት» አለች፤ አንሶላውን ግን ሁለት ጊዜ አጥፋ አስገባችው።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ወንድሟ ደወለ። ድምፁን በወለሉ በኩል ሰማሁት፤ እሷ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋው ነበር።

«ሰባ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት ከስልሳ! ገብቷል፣ እቴ! ሂሳቤ ላይ ነው!»

እልልታው እስከ ክፍሌ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት ወንድምየው ከፈለ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ሦስት ከስልሳም ተረፈው። እናትየዋ በተራዋ ቀን ገባች።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ለእሷ ደስታ ነበር። እሷ ግን ደረሰኝ የምትሰበስብ ሰው ናት። የብስኩት ቆርቆሮ አላት፤ የላከችበት ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቆርቆሮውን ይዛ ወደ እኔ ወጣች። በስልኳ ላይ ያለፉት ዓመታት የዜና ዋጋ በየቀኑ ይገኛል፤ ደረሰኞቹን ከዚያ ጋር አስተያየናቸው። አሥራ አምስት በሚያስከፍልበት ዘመን ባለሱቁ ከምንዛሪው ላይ የሚወስደው ከመቶ አንድ ነበር። «ክፍያ የለም» ብሎ በጻፈበት ሳምንት ከመቶ አምስት ሆነ።

አብረው ይልኩ በነበረ ጊዜ የክፍያውም የምንዛሪውም ድርሻ ተደምሮ አንዷ ሴት በወር ሦስት ተኩል ገደማ ነበር የሚወጣባት። ካሸነፉ በኋላ አሥር ሆነ። በአንድ ላይ መላካቸው ያመጣላቸውን ትርፍ ግማሽ ያህሉን በአንድ ቀይ ጽሑፍ መልሶ ወሰደው፤ እነሱም አጨበጨቡለት።

ደረሰኞቹን ወደ ቆርቆሮው መልሳ ከደነችው። ከዚያ «እኔ ነኝ መሐል ላይ የቆምኩት» አለች። «ካውያ ይዤ።»

ላጽናናት ብዬ፣ ብዙ ድል እንዲህ ነው፣ ሰው የተዋጋበትን በር ሲከፍቱለት ሌላው በር መቆለፉን አያይም አልኳት።

«አባባ፣ ፍልስፍናውን ለነገ ያቆዩልኝ። ነገ እሁድ ነው፤ ሱቁ ሰው ይሞላል።»

እሁድ ሄድን። ሱቁ ሞልቶ ነበር። እሷ እንደማለችው አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

«ጋሼ፣ እናቴ ተራዋን አገኘች።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

«እሰይ። አሁን ያንን ፎቶ ያውርዱልኝ።»

«ምን በደልኩሽ? እኔ ውሸት ተናግሬ አላውቅም! ክፍያ አለ እንዴ? የለም።»

«አልዋሹም። ውሸት ቢናገሩማ እይዝዎት ነበር። ዝም ብለው ነው የወሰዱት። እኔም ፊቴን ለዝምታዎ ማስታወቂያ አድርጌ ሁለት ዓመት ተሰቅያለሁ። ያውርዱኝ።»

ባለሱቁ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም፤ እሱም ተቆጣ።

«የሱቁን ኪራይ ማን ይከፍላል? ሆስፒታል አብሬ ስሄድ፣ ቅጽ ስሞላ፣ ማን ይከፍለኛል? ደግሞ ያ የምታመልኪው ስልክ ሁለት መቶ ብትልኪበት ስንት ይሰጥሻል? በይ አሁን ጻፊው! ሁለት መቶ!»

ስልኳን አወጣች። ጻፈች። አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሦስት ከስልሳ። የእሱ አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኟ ክፍያ በትልቅ ገንዘብ ላይ ቀላል ናት፤ በትንሽ ላይ ግን ትከብዳለች።

«ሦስት ከስልሳ!» ብሎ ሳቀ ባለሱቁ። «ለዚህ ነው ሰው የምታሳምፂብኝ?»

እውነት ነበር፤ እሷም አልካደችም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እሷ ዞራ ለሰዉ ነገረችው።

«ሰምታችኋል፤ በሁለት መቶ እኩል ናቸው። በሺህ ግን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት ይለያያሉ። ስለዚህ እሱን ተዉ፣ ይህን ያዙ አላልኳችሁም። በሄዳችሁበት ሁሉ፣ በላካችሁ ቁጥር፣ 'ይህን ስሰጥ እዚያ ስንት ይገባል?' በሉ። ቁጥሩን ያልነገራችሁን ጥላችሁ ውጡ። ጋሼንም ጭምር!»

ወንበር አውጥታ ወጣችበትና ፎቶውን ራሷ አወረደችው። ሚስማሩ ባዶውን ቀረ።

«እሺ፣ ሚስማሩ ላይ ምን ልስቀል?» አለ ባለሱቁ ግራ ተጋብቶ።

«ቁጥሩን።»

እኔም ከኋላ ቆሜ፣ ለእህቴ የምልከውን መቶ ሃምሳ በኪሴ ይዤ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እዚያ ስንት ይገባል?» ብዬ ጠየቅኩት። የጠየቅኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም።

ወሩ ሲያልቅ እናትየዋ በስልክ ምስል ታየች። በሁለት ምርኩዝ፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ስድስት እርምጃ። ሴቶቹ ካውያውን አቁመው ቆጠሩላት። እናትየዋ መስኮቱ ጋ ደርሳ ትንፋሽ ስትሰበስብ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች በመንገድ ስንት በሉብሽ?» የሚል ነበር።

«አሥራ አራት፣ እማዬ። አይቼ ነው የሰጠሁት» አለቻት።

በዚያው ቀን የወሩን ሁለት መቶ ይዛ በማዕዘኑ አለፈች። ቀዩ ጽሑፍ ከመስኮቱ ተፍቋል። ሚስማሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላለች፤ በጠመኔ «200 ሲሰጡ 15,640 ይደርሳል» ይላል። ምንዛሪውን ወደ ሰባ ስምንት ከሃያ አንስቶታል። የዜናውን ዋጋ ግን ከጎኑ አልጻፈም።

ገባች። ስልኳን አውጥታ ፊቱ ላይ አወዳደረች። ዜናው ያው ሰማንያ፣ መተግበሪያው ያው አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሦስት። ባለሱቁ ክንዱን አጣምሮ ጠበቀ።

ሁለት መቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ አሸንፈዋል፣ ጋሼ» አለችው።

«እንግዲህ ታረቅን?»

«አልተጣላንም። በሚመጣው ወር ደግሞ እጠይቅዎታለሁ።»